በርበሬ ቤት አዘጋጅተን ስንሸጥ ኪሎውን ስንት እንበል? (ትንንሽ ልጆች ላላችሁ)

የመጀመሪያውን በርበሬ ስሸጥ ሂሳቤ እንዲህ ነበር። 10 ኪሎ ዛላ በ520 ብር ገዛሁ፣ 5200። ቅመማ ቅመሙ ደግሞ 1450። ሲደመር 6650፣ ለ10 ሲካፈል 665። በቃ በ750 ብሸጠው በኪሎ 85 ብር አተርፋለሁ ብዬ ለጎረቤትም ለባለቤቴ መስሪያ ቤት ሰዎችም አዳረስኩት፣ በአራት ቀን አለቀ፣ ደስ አለኝ። ሁለተኛ ዙር ልገዛ መርካቶ ልሄድ ስል ቦርሳዬ ውስጥ ያለው ብር ዛላ፣ ሽንኩርትና ቅመም ገዝቶ የወፍጮና የትራንስፖርት አይተርፈውም። የት ሄደ? ማንም አልወሰደውም፣ እኔው ነኝ በኪሳራ የሸጥኩት። እዚህ የምጽፈው ያንኑ 10 ኪሎ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ይዤ፣ እንዴት እንደሚዘጋጅና ዋጋው እንዴት እንደሚወጣ ነው። ብሮቹ እኔ የገዛሁበት ጊዜ ናቸው፣ እናንተ የራሳችሁን ገበያ ዋጋ አስገቡበት፣ መንገዱ ግን ያው ነው።

ሁለት ልጆች አሉኝ፣ አንዷ አራት ዓመት ሆኗታል ትንሹ ገና ዓመት ከመንፈቅ ነው፣ የምንኖረው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ይሄን የምለው በርበሬ ከልጅ ጋር ከባድ ስራ ስለሆነ ነው፣ ሰፊ ጊቢና ሰራተኛ ላለው ሰው የተጻፈ አሰራር ለኛ አይሆንም።

1. ዛላውን መግዛት

ጊዜው ከሁሉም ይቀድማል። የመኸሩ በርበሬ ደርቆ ገበያ የሚገባው ከህዳር ወዲህ ነው፣ እስከ የካቲት ድረስ ብትገዙ ዋጋውም ይሻላል ፀሀዩም አለ። ክረምት ላይ በርበሬ ልሸጥ ብሎ መጀመር በጣም አይመከርም፣ አይደርቅም፣ ያልደረቀ ደግሞ ይሻግታል። የማረቆና የሀላባ በርበሬ ቀለሙ ስለሚያምር ብዙ ሰው በስም ይጠይቃል፣ ከጎጃም በኩል የቡሬና የፍኖተ ሰላምም አለ። ነጋዴው ሁሉ ማረቆ ነው ይላችኋል ግን፣ ስለዚህ ስሙን ትታችሁ ዛላውን እዩ።

አንዱን ዛላ አንሱና ጆሯችሁ አጠገብ ነቅንቁት፣ ፍሬው ውስጡ ከተንኮሻኮሸ ደርቋል። ከዛ እጠፉት፣ ቀጭ ብሎ ከተሰበረ ጥሩ ነው፣ እንደ ቆዳ ከተጣጠፈ ግን ወይ በደንብ አልደረቀም ወይ ሚዛን እንዲያነሳ ውሃ ተረጭቶበታል። ውሃ በበርበሬ ዋጋ መግዛት ማለት ነው እንግዲህ። ከጆንያው አፍ ላይ ያለውን ብቻ አትዩ፣ እጃችሁን ወደ ታች አስገብታችሁ ከመሃል አውጡ፣ ሁለት ሶስቱን ደግሞ ከፍታችሁ ውስጡን እዩት። ውስጡ ላይ ግራጫ ወይ ጥቁር ብናኝ ካለ ሻጋታ ነው። አንዳንድ ሰው ፀሀይ ላይ ሲሰጣ ይለቃል ይላል፣ አይለቅም፣ ሻጋታው አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ሊያመጣ ይችላል እሱ ደግሞ በማስጣትም በማመስም አይጠፋም። ይሄ እኮ የሌላ ሰው ልጅም የሚበላው ነገር ነው፣ ቢረክስም አትግዙት።

2. ቅንጠሳና ድለዛ፣ ልጆቹን ምን እናርጋቸው

ቅንጠሳው ጊዜ የሚበላው ስራ ነው። ግንዱን እየቀነጠሱ፣ ነጭ ነጩንና የሻገተውን እየለዩ 10 ኪሎ መጨረስ ለብቻ ሁለት ቀን ይፈጃል። እኔ ለአንድ ቀን አንዲት ሴት በ400 ብር ቀጥሬ ነው አብረን የጨረስነው። ኮሚናሉ ውስጥ ነበር የሰራነው እንጂ ቤት አይደለም፣ የኛ ብሎክ ኮሚናል ለዚህ በጣም ይመቻል፣ ቀኑን ለኮሚቴው አስቀድማችሁ ካሳወቃችሁ። ቤት ውስጥ ከቀነጠሳችሁ ፍራሹም ምንጣፉም በርበሬ ይሆናል፣ ህፃኑ ደግሞ ወለል ላይ የሚድህ ከሆነ እጁን ዓይኑ ውስጥ ይከታል።

እዚህ ላይ የሚያጠቡ እናቶች ልብ በሉ። የበርበሬን ማቃጠል ውሃ አያስለቅቀውም፣ ዘይት ነው የሚያስለቅቀው። ጓንት አርጉ፣ ስትጨርሱ እጃችሁን መጀመሪያ በምግብ ዘይት እሹት፣ ከዛ በሳሙና ሁለት ጊዜ ታጠቡ፣ ልብሱንም ቀይሩ። እኔ አንድ ቀን በሳሙና ብቻ ታጥቤ ትንሹን ሳጠባው ጮሆ ሰፈሩን ሰበሰበው፣ ከንፈሩ ቀልቶ ነበር። ዓይናቸው ውስጥ ከገባ ግን ዘይት ምናምን እንዳትሞክሩ፣ በብዙ ንጹህ ውሃ ደጋግሞ ማጠብ ነው፣ ካልተሻለው ጤና ጣቢያ።

ከተቀነጠሰ በኋላ አንድ ቀን ፀሀይ ይመታና ይደለዛል። ለ10 ኪሎ 1 ኪሎ ነጭ ሽንኩርት፣ ግማሽ ኪሎ ዝንጅብል፣ 1 ኪሎ ቀይ ሽንኩርት ነው ያረኩት፣ እነሱ ከበሶብላና ከጤና አዳም ጋር ይወቀጡና ከተደለዘው በርበሬ ጋር ይለወሳሉ። አንድ ሌሊት ሸፍናችሁ አሳድሩት፣ ሽታው እስኪገባ። ሶስቱን ነገሮች ብትቀንሱ ወጪው ይቀንሳል ግን በርበሬው የሱቅ በርበሬ ይሆናል፣ ሰው እናንተ ጋ የሚመጣበት ምክንያት ይሄ ነው።

3. ማስጣት

ሸራ ላይ ሳሳ አርጋችሁ በትናችሁ፣ በየሰዓቱ እያገላበጣችሁ፣ ማታ ማታ እያስገባችሁ። ጤዛ ከመታው የቀኑ ልፋት ጠፋ በሉት። ከላይ ስስ ጨርቅ ወይ አጎበር ጣል አርጉበት፣ ለአቧራም ለዝንብም ለልጅም። በረንዳ ላይ የምታሰጡ ከሆነ ደግሞ የታች ጎረቤት ልብስ አስጥቶ እንደሆነ እዩ፣ እኔ በዚህ ተጣልቻለሁ።

ደረቀ የሚባለው በጣት ሲታሽ እንደ ደረቅ ቅጠል ፍርክስ ሲል ነው። ነጭ ሽንኩርቱን ለብቻው ፈልጋችሁ ሞክሩት፣ በርበሬው ቀድሞ ይደርቅና ሽንኩርቱ ገና ውስጡ እርጥብ ሊሆን ይችላል፣ ወፍጮ ላይ የሚያያዘውና ኋላ ፌስታል ውስጥ የሚጓጉለው እሱ ነው። የኔ ሶስት ቀን ፈጀ፣ ጥር ላይ።

4. ቅመሙና ወፍጮው

ኮረሪማ፣ ነጭ አዝሙድ፣ ጥቁር አዝሙድ፣ ድንብላል፣ ትንሽ አብሽ፣ ትንሽ ቅርንፉድና ቀረፋ፣ ሁሉም አንድ ላይ ወደ 1.2 ኪሎ መጡ። ኮረሪማው ነው ብሩን የሚበላው፣ ተፈልፍሎ የሚሸጠውን አትግዙ፣ ከነልጡ ገዝታችሁ ራሳችሁ ፈልፍሉ፣ የቆየ መሆኑ የሚታወቀው ሲፈለፈል ነው። በየተራ ለብ እያረጋችሁ አምሱ፣ አንድ ላይ ከታመሰ ድንብላሉ ሳይሞቅ አብሹ ይቃጠላል፣ የተቃጠለ አብሽ ደግሞ በርበሬውን በሙሉ ያመርረዋል። ጨው 800 ግራም፣ ታምሶ።

ወፍጮ ቤት ልጅ ይዞ መሄድ የለም። እኔ ቅዳሜን የመረጥኩት ለዚህ ነው፣ ባለቤቴ ቤት ስለሚውል። ለበርበሬ ብቻ የተለየ ወፍጮ ያለው ቤት ፈልጉ፣ ያም ሆኖ ቀድሞ የተፈጨው ሚጥሚጣ ሊሆን ስለሚችል መጀመሪያ አንድ እፍኝ አስፈጭታችሁ ለብቻ አውጡት። በርበሬ ሲፈጭ ይግላል። እቤት እንደገባችሁ ወዲያው ፌስታል ውስጥ እንዳታሽጉት፣ በሸራ ላይ ዘርግታችሁ በደንብ እስኪቀዘቅዝ ጠብቁ፣ ትኩሱ ከታሸገ ያልበዋል፣ ያላበው ይጓጉላል፣ ከዛ ደምበኛ ደውላ በርበሬሽ ድንጋይ ሆነ ትላለች።

5. ሶስት ጊዜ መመዘን

ዋጋ የሚወጣው ከዚህ ስለሆነ ዲጂታል ሚዛን ግዙ፣ የወፍጮ ቤቱን ሚዛን አትመኑ። የምትመዝኑት ከቅንጠሳ በኋላ፣ ከደረቀ በኋላና ከተፈጨ በኋላ ነው። የኔ እንዲህ ሆነ። 10 ኪሎው ዛላ ግንዱና የተበላሸው ሲወጣ 8.8 ሆነ፣ ሲደርቅ ወደ 8.3 ወረደ። ሽንኩርቱና ዝንጅብሉ እርጥብ እያሉ 2.5 ኪሎ ነበሩ ሲደርቁ ግን ከ600 ግራም ብዙም አላለፉም፣ አብዛኛው ውሃ ነዋ። ቅመሙ 1.2 ጨመረ፣ ጨው 0.8። ሁሉም 10.9 ኪሎ ሆኖ ወፍጮ ገባ፣ 10.4 ሆኖ ወጣ። ግማሽ ኪሎው ወፍጮው ላይ ቀረ፣ ብናኝም ሆነ።

አያችሁት? 10 ገብቶ 10 ወጣ ይመስላል፣ እኔን ያታለለኝ ይሄ ነው። ግን የወጣው 10 የገባው 10 አይደለም፣ ከዛላው ወደ 2 ኪሎ ገደማ ጠፍቶ በቦታው ከሱ የሚወደድ ቅመምና በጣም የሚረክስ ጨው ገብቶ ነው ቁጥሩ የሞላው። እዚህ ላይ ፈተና አለ፣ አንድ ኪሎ ጨው ብትጨምሩ ዋጋችሁ በኪሎ ወደ 90 ብር ይረክሳል። ብዙ ባልትና ቤት የሚያረገው ይመስለኛል። ደንበኛ ግን ታውቃለች፣ ወጡ ላይ ጨው ሳትጨምር ጨው ጨው ካለ ሁለተኛ አትገዛም፣ ጨው እርጥበት ስለሚስብ በርበሬውም ቶሎ ይጓጉላል።

6. አሁን ዋጋውን እናውጣ

ደብተር ያዙ። በመጀመሪያ ከኪስ የወጣ ብር በሙሉ፣ አንድም ሳይቀር። ዛላ 5200፣ ነጭ ሽንኩርት ዝንጅብልና ቀይ ሽንኩርት 480፣ ቅመም 1450፣ ጨው 30። እስከዚህ ሁሉም ሰው ይጽፋል። ሰው የማይጽፈው ከዚህ ወዲያ ያለውን ነው፣ ከመርካቶ ጆንያውን ያመጣሁበት የተሸካሚና የትራንስፖርት 350፣ ወፍጮ 275፣ የቀጠርኳት ሴት 400፣ ሃያ አንድ የግማሽ ኪሎ ማሸጊያ ከነስቲከሩ 252። ሲደመር 8437 ብር።

አሁን ወደ መጀመሪያዋ ሽያጬ ተመለሱ፣ በ750 ሂሳብ 10 ኪሎ ሸጥኩ፣ 7500 ገባ። 937 ብር ከኪሴ ጨምሬ ነው በርበሬ የሰጠኋቸው ማለት ነው፣ ስድስት ቀን ለፍቼ፣ ያውም በርበሬ እያስነጠሰኝ።

ሁለተኛ የራሳችሁ ጉልበት። እናቶች እዚህ ላይ ነው የምንሸነፈው፣ ቤት ስለዋልኩ ስራዬ አይቆጠርም እንላለን። ይቆጠራል። ግን ከልጅ ጋር ሰዓት መቁጠር ያስቸግራል፣ ሃያ ደቂቃ ሰርተሽ ትነሻለሽ፣ ዳይፐር ቀይረሽ ትመለሻለሽ። እኔ ፍሪጅ ላይ ወረቀት ለጥፌ ስጀምርና ሳቆም ሰዓቷን እጽፍ ነበር፣ ፀሀዩ የሚሰራውን ሳይሆን እጄ በርበሬው ላይ የነበረበትን ብቻ። ገበያው፣ ቅንጠሳው፣ ማመሱ፣ ወፍጮው፣ ማሸጉ ሁሉም ሲደመር 16 ሰዓት መጣ። የቀጠርኳት ሴት በሰዓት 50 ብር ገደማ ነው የደረሳት፣ ለራሴ 60 አረኩት፣ ኃላፊነቱም የኔ ስለሆነ። 16 ጊዜ 60፣ 960። ድምሩ 9397 ሆነ።

ሶስተኛ፣ የማይሸጠውን አውጡ። ከ10.4 ኪሎው ለቅምሻ የሚሰጥ አለ፣ አማቴ ትንሽ ሳልሰጣት አይሆንም፣ ስንመዝን የሚፈስ አለ፣ ወደላይ እያረግን የምንመዝነውም አለ። እኔ 400 ግራም ይሄዳል ብዬ 10 ኪሎ ላይ አቆምኩት። 9397 ለ10፣ 940 ብር። ይሄ ምንም ትርፍ የሌለበት ዋጋ ነው፣ ከዚህ በታች የሸጣችሁት እያንዳንዱ ኪሎ ከጉልበታችሁ ይቀነሳል።

አራተኛ ትርፍ። ትርፍ እኮ የጉልበት ዋጋ አይደለም፣ የተበላሸ ዙር፣ ያልከፈለ ሰው፣ የተሰበረ ሚዛን የሚከፈለው ከሱ ነው። 15 ፐርሰንት ጨመርኩ፣ 1080 መጣ።

ሽያጩ 10800 ሲሆን ብሩን እንዲህ ነው የምለየው፣ 8437 ቀጥታ ለሚቀጥለው ዛላ ሌላ ሂሳብ ውስጥ ይገባል አይነካም፣ 960 የኔ ደሞዝ ነው ለልጆቹም ለራሴም እንደፈለኩ፣ 1400 ገደማው ትርፍ ይቀመጣል። መጀመሪያ ላይ ሁሉም አንድ ቦርሳ ውስጥ ነበር፣ ከዛ ላይ ወተትም ዳይፐርም ሲገዛ ዛላው ብር የት እንደገባ አይታወቅም።

ለትንንሽ ማሸጊያ ዋጋ ዝም ብሎ ማካፈል አይሰራም። ሂሳቡ በግማሽ ኪሎ ስለተሰራ ግማሽ ኪሎ 540 ነው። ሩብ ኪሎ ግን 270 ቢባል ያከስራል፣ ማሸጊያው እጥፍ ነው መመዘኑም እጥፍ ነው፣ ስለዚህ 285። ሰው ሩብ ወስዶ ሊሞክር ስለሚፈልግ ሩቡን አታጥፉት፣ ዋጋውን ብቻ አስተካክሉ።

7. ባልትና ቤት ከኔ ረክሶ ቢሸጥስ

ይሸጣል። እኛ ሰፈር ያን ሰሞን 850 ነበር። እዚህ ላይ ሁሉም የሚያረገው የራሱን ጉልበት አውጥቶ ጥሎ 850 ማለት ነው። እኔም ልል ነበር፣ ደግነቱ ደብተሩን ሳየው 850 ብዬ ብሸጥ ከኪሴ የወጣውን 8437 መልሼ 63 ብር ነው የሚተርፈኝ፣ ለ16 ሰዓት። አንድ ሰው የልጆችሽን እንቅልፍ ሰዓት በ63 ብር ሽጪልኝ ቢለኝ እሺ እለው ነበር?

ከመቀነስ በፊት ከባልትና ቤቱ ሩብ ኪሎ ገዝታችሁ ከራሳችሁ ጋር ጎን ለጎን ወጥ ስሩበት። ልዩነቱ ካልታወቀ ችግር አለ፣ በዛ ዋጋ በርበሬ አትሽጡ ወይ ሽሮ ላይ ሂዱ። ልዩነቱ ከታወቀ ግን ያንን ለደንበኛው መናገር ነው፣ ሲደውሉ በአንድ ዓረፍተ ነገር፣ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል ተደልዞ የገባበት ነው፣ ጨው ያልበዛበት ነው፣ በቃ።

ጎረቤታችን እትዬ ዋጋውን ስነግራቸው እንዲህ አሉኝ፣ "የኔ ልጅ ሱቁ እኮ 850 ነው፣ ለኔማ ትቀንሺልኛለሽ።" ድሮ ቢሆን ቀንሼ እሰጣቸው ነበር። "እትዬ ቢቀንስልኝ ለርስዎ ነበር የምቀንሰው፣ ዛላው ራሱ በዚህ ገብቶ ነው፣ እስቲ ሩቡን ይውሰዱና ወጥ ይስሩበት፣ ካልጣመዎት መልሰው ይስጡኝ" አልኳቸው። ሩብ ወሰዱ፣ ሳምንት ሳይሞላ ለልጃቸው ጭምር ሁለት ኪሎ አዘዙ። ሁሉም ግን እንደዚህ አይሆንም፣ 1080 ስል ከመጀመሪያዎቹ ገዢዎቼ አምስቱ ቀርተዋል። ቅር አላለኝም፣ በ750 ስሸጥላቸው የነበረው እኔ እየጨመርኩላቸው ነበራ።

ዋጋውን በእውነት ማውረድ የሚቻለው በብዛት ነው። ከብሎካችን አንዷ ጋር ተነጋግረን 20 ኪሎ አንድ ላይ ስንገዛ ዛላው በ500 ሆነልን፣ የመርካቶው መንገድ አንድ ጊዜ ሆነ፣ ወፍጮ ቤት የምትጠብቀው አንዷ ስትሆን ሌላዋ የሁለታችንንም ልጆች ያዘች፣ ሰዓቱም እጥፍ አልሆነም፣ 32 መሆን ሲገባው 26 ነው የመጣው። በዛው አሰራር ሳወጣው ኪሎው 1020 ሆነ፣ ጥራቱ ሳይነካ 60 ብር ወረደ። ከዛ በላይ ለማብዛት ግን የማስጫ ቦታ የለንም፣ ኮሚናሉም የኛ ብቻ አይደለም።

8. ዱቤና ትእዛዝ

ዱቤን በሂሳብ እዩት። ከ10 ኪሎ ትርፌ 1400 ነው፣ አንድ ኪሎ 1080። እንግዲህ አንድ ኪሎ ከሩብ ገደማ በዱቤ ወስዶ ያልከፈለ አንድ ሰው የዙሩን ትርፍ በሙሉ በላ ማለት ነው። ሁለት ሰው ካልከፈለ ከደሞዜ ላይ ይጀምራል። ስለዚህ እኔ አሁን የማረገው፣ ቀድሜ ትእዛዝ እቀበላለሁ ግማሹን ቀብድ በቴሌብር ያስገባሉ፣ ቀሪውን ሲረከቡ። ደሞዝ ሲወጣ እከፍላለሁ የሚለኝ ሰው ደሞዝ ሲወጣ ይወስዳል፣ በርበሬ እስከዛ አይበላሽም እላለሁ እየሳቅኩ። ቀብዱ ሌላም ጥቅም አለው፣ ስንት ኪሎ እንደምሰራ አስቀድሜ አውቃለሁ።

ማድረሻ ዋጋው ውስጥ አታስገቡት። ብሎካችን ውስጥ ያለችው ሰውና ከተማው ጫፍ ያለችው እኩል ከከፈሉ የቅርቧ ለሩቋ ትራንስፖርት እየከፈለች ነው። የሞተረኛውን ገዢው ራሱ ይክፈል፣ ወይ ቅዳሜ ላይ አንድ የተወሰነ ሰዓት ተናግራችሁ መጥተው ይውሰዱ።

ውጭ ላሉ ቤተሰብ የሚልኩ ሰዎች አምስት ስድስት ኪሎ ባንዴ ያዛሉ፣ ብዙ ጊዜ የሚሄደው ሰው ነገ ማታ ይበራል ብለው ነው የሚደውሉት። በርበሬ ደግሞ በአንድ ቀን አይሰራም። ለነሱ ዋጋው ያው ሆኖ ሙሉ ክፍያ ቀድሞ ነው፣ ማሸጊያው ግን ድርብ መሆን አለበት በደንብም የታሸገ፣ ሻንጣ ውስጥ ከተቀደደ የሰውየው ልብስ በሙሉ ቀይ ነው፣ የድርብ ማሸጊያውን ልዩነት ጨምሩበት።

ሱቅ ላይ ለማስገባት ካሰባችሁ ግን ሌላ ሂሳብ ነው፣ ንግድ ፈቃድ ይጠየቃል ባለሱቁም የራሱን ትርፍ ይጨምርበታል፣ በ1080 ላይ እሱ ሲጨምር ማን ይገዛዋል። በዚህ መጠን ለሚሰራ ሰው አያዋጣም ባይ ነኝ።

9. ዋጋ መቼ ይቀየራል

ዛላ በየገበያው ይቀያየራል፣ እኔ ደግሞ በየሳምንቱ ዋጋ ከቀየርኩ ሰው ይሰለቻል። ያወጣሁት መላ ይቺ ናት፣ ዛላው በኪሎ 10 ብር ሲጨምር የኔ ዋጋ ወደ 11 ወይ 12 ብር መጨመር አለበት፣ ትርፉም አብሮ ስለሚያድግ። 520 የነበረው 530 ወይ 540 ቢሆን ዝም እላለሁ፣ ከትርፉ ይሸፈናል። 620 ከገባ ግን 115 ብር ነው፣ ትርፌ ራሱ 140 ስለሆነ ዝም ካልኩ አለቀልኝ። ያን ጊዜ ዋጋው 1195 ይሆናል፣ እኔ 1190 ብዬ እናገራለሁ፣ ከመስራቴ በፊት፣ ቀብድ ስቀበል።

እና ቤት የቀረ አሮጌ በርበሬ ካለስ? ድሮ በረከሰ ስለገዛሁት በድሮው ዋጋ ልሽጠው ትላላችሁ። ቀብድ የከፈለ ሰው ካለ ለሱ በተነጋገራችሁበት ዋጋ ስጡት፣ ቃል ነው። የቀረውን ግን በአዲሱ ዋጋ ሽጡት፣ ምክንያቱም እሱ ሲያልቅ የምትተኩት ዛላ 620 ነው እንጂ 520 አይደለም፣ ድሮ ዋጋ ላይ የሸጣችሁት ብር 10 ኪሎ ሊገዛ ሄዶ 8 ኪሎ ከምናምን ይዞ ይመለሳል። አሮጌውን ከአዲሱ ጋር ግን አትደባልቁት። ስድስት ወር ያለፈው ቀለሙም ሽታውም ይለያል፣ እኔ አንዴ ሁለት ኪሎ ከአዲሱ ጋር ቀላቅዬ እትዬ በአንድ ማንኪያ ነው የያዙኝ።